ሰዓት ሲቀየር፦ ከጎጃም ወደ ጀርመን ለመጣችሁ

እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፍራንክፈርት ከገባሁ ጀምሮ እሁድ ማታ ሳልደውልላት አልቀርም። የመጣሁት በግንቦት ነበር፤ ያኔ ሁልጊዜ የምደውለው እዚህ 20:00 ሲል ነው። እሷ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። እራት ተበልቷል፣ ከብቱ ገብቷል፣ ደህና አድርገን እናወራለን።

በጥቅምት ወር በአንዱ እሁድ እንደወትሮዬ በ20:00 ደወልኩ። ስልኩ ብዙ ጠራ። ስታነሳው ድምጿ እንቅልፍ ተጭኖታል። «ምነው ልጄ? ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት?» አለችኝ። ደንግጣለች።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም እማ፣ ሁልጊዜ በምደውልበት ሰዓት ነው የደወልኩት» አልኳት።

«አራት ሰዓት እኮ አልፏል!»

ሁለታችንም ልክ ነበርን። በዚያን ዕለት ሌሊት ጀርመን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ጎጃም ግን ሰዓቱን አልነካም። እኔ ተኝቼ ስለነበር አላወቅኩም፣ የነገረኝም ሰው አልነበረም። አዲስ ለመጣችሁ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰዓት በዓመት ሁለቴ ይቀየራል። በማርች የመጨረሻው እሁድ ሌሊት፣ ጀርመን ላይ 2:00 ሲሞላ ሰዓቱ ዘልሎ 3:00 ይሆናል። በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ሌሊት ደግሞ 3:00 ሲሞላ ተመልሶ 2:00 ይሆናል። በ2026 የማርቹ መጋቢት 20፣ የኦክቶበሩ ጥቅምት 15 ላይ ይውላል። በሁለቱም ጊዜ ለውጡ ሲደረግ ጎጃም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እዚያ ካህናቱ ቤተ ክርስቲያን ቆመዋል፣ እዚህ ሰዓት ይዘላል።

ጀርመኖች ከማርች እስከ ኦክቶበር ያለውን ዞመርጻይት፣ የቀረውን ቪንተርጻይት ይሉታል። እኔ በጀርመንኛው እንድትጠሩት እመክራለሁ። «የበጋ ሰዓት» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ትምታታላችሁ። የእነሱ ዞመር እኛ ጋ ክረምት ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ዝናብ ነው። የእኛ በጋ ደግሞ እዚህ በረዶ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። ብዙ ሰው «መንግሥት ብርሃን ለመጨመር ነው» ይላል። ብርሃን ግን በሰዓት አይጨመርም። የሚደረገው ሰው ተኝቶ የሚያልፈውን የጠዋት ብርሃን ወደ ማታ ማዛወር ነው።

ፍራንክፈርትን እንይ። በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል። በታኅሣሥ ግን ወደ 8 ሰዓት ያጥራል። ከአጭሩ ቀን እስከ ረጅሙ እጥፍ ነው። በሰኔ ሰዓቱ ባይቀየር ኖሮ ፀሐይ 4:15 ገደማ ትወጣ ነበር። በዚያ ሰዓት ማን ተነስቶ ያያታል? መጋረጃ ዘግቶ የተኛ ሰው ሁሉ ብርሃኑን ሳያየው ያልፋል። ሰዓቱ አንድ ወደ ፊት ሲገፋ ግን መውጫዋ 5:15 ገደማ ይሆናል፣ መጥለቂያዋ ደግሞ ወደ 21:40 ይሄዳል። ሰው ከሥራ ወጥቶ ገና ብዙ ብርሃን ያገኛል። ጀርመን ይህን በአገር ደረጃ መጀመሪያ ያደረገችው በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ምክንያቱም የከሰል ድንጋይ ለመቆጠብ ነበር። ማታ ብርሃን ካለ መብራት ዘግይቶ ይበራል ተብሎ ነው። በኋላ ተወች፣ በ1980 እንደገና ጀመረች።

አሁን ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ያህል እንኳ አይሞላም። ምድር ያጋደለች ስለሆነች የቀን ርዝመት በየወሩ ይለዋወጣል፤ ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ለውጡ ይሰፋል፣ በቀረባችሁ ቁጥር ይጠባል። በደብረ ማርቆስ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ያህል ነው። አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል። በመሀላቸው ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በፍራንክፈርት ግን ልዩነቱ ከ8 ሰዓት በላይ ነው።

የፀሐይ መውጫውን ብቻ ነጥለን እንይ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ ቀደም ብላ ስትወጣ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ5 ገደማ ነው። ዘግይታ ስትወጣ፣ በጥር፣ 12 ከ50 ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ የምትንቀሳቀሰው 45 ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ሙሉ ሰዓት እንግፋ ብንል፣ ፀሐይዋ ራሷ በዓመት ከምትንቀሳቀሰው በላይ ልንገፋት ነው። በሰኔ ፀሐይ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ትወጣለች ማለት ነው። 2 ሰዓት ትምህርት የሚገባ፣ አንድ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ የገጠር ልጅ ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት ሊወጣ ነው። ማታ የሚያተርፈው ብርሃን ደግሞ ምን ያደርግለታል? ረጅሙ ቀን የሚውለው በክረምት ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ ይወርዳል።

ሌላም አለ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር ነው የተሠራው። ሲነጋ 12 ነው፣ ሲመሽም 12 ነው። ይህ የሚሠራው ንጋቱ ዓመቱን ሙሉ ቦታውን ስለማይለቅ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ሲነጋ 12 እንበል ቢባል በሰኔና በታኅሣሥ መሀል የሰዓት አቆጣጠሩ ራሱ ይፈርስ ነበር።

ብራዚል ይህን በአንድ አገር ውስጥ አሳይታለች። ደቡቡ ከምድር ወገብ ስለሚርቅ ሰዓት ይቀይር ነበር። ሰሜኑ ግን ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ብዙ ዓመት ሳይቀይር ኖሯል። በ2019 አገሪቱ በሙሉ ተወችው። ኬንያና ኡጋንዳም እንደኛው አንድ ሰዓት ይዘው ዓመቱን ይዘልቃሉ።

አሁን ዋናው፣ እዚህ ስትኖሩ ምን እንደሚያጋጥማችሁ።

የመጀመሪያው ስልክ ነው። ስልካችሁ ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ሌሊት ይቀይረዋል፣ ችግር የለም። ችግሩ ሰዓቱን በእጃቸው የሞሉት ላይ ነው። እኔ ከጥቅምቱ በኋላ ስልኬን በእጄ በሀበሻ ሰዓት ሞልቼው ነበር፣ ዓይኔ የለመደው እሱን ነው። በመጀመሪያው ማርቼ፣ ሰዓቱ በተቀየረበት እሁድ የጽዳት ሥራ ነበረኝ። ማንቂያው በሞላሁት ሰዓት ጮኸ፣ ተነሳሁ፣ ተረጋግቼ ሄድኩ። አንድ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። አለቃዬ ሰዓቱን አሳየኝ፣ እኔም ስልኬን አሳየሁት። አልተግባባንም፣ የዚያን ቀን ደመወዜም ተቆረጠ። ስለዚህ የስልካችሁ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል አድርጉት፣ ቦታው `Berlin` ማለቱንም እዩ። የአገር ቤቱን ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ የዓለም ሰዓት የሚለው ላይ `Addis Ababa` ጨምሩ። የግድግዳ ሰዓት፣ የምድጃ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ የመኪናም ሰዓት በእጅ ነው የሚስተካከለው። ቅዳሜ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አስተካክሏቸው።

ሁለተኛው የሌሊት ሥራ ነው። በኦክቶበሩ ሌሊት ከ2:00 እስከ 3:00 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ጀርመኖች እንዳይምታታ የመጀመሪያውን 2A፣ ሁለተኛውን 2B ይሉታል። ከ22:00 እስከ 6:00 የምትሠሩ ከሆነ ሰዓቱን ስታዩ 8 ሰዓት ይመስላል። በእውነት ግን 9 ሰዓት ቆማችኋል። በማርቹ ሌሊት ደግሞ 7 ሰዓት ብቻ ነው። ደመወዛችሁ በሰዓት የሚታሰብ ከሆነ በኦክቶበር ወረቀታችሁ ላይ 9 መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ አለቃችሁን ጠይቁ፣ ውላችሁ ስለዚህ ምን እንደሚልም አንብቡ። ብዙ ልጆች አይተው ዝም ይላሉ። የቆማችሁበት ሰዓት ነውና ዝም አትበሉ።

ሦስተኛው ወደ ቤት መደወል ነው። እዚህ የቀኑ ሰዓት እስከ 24 ይቆጠራል። በዞመርጻይት ከዚህ ሰዓት ላይ 5 ቀንሱ፣ የጎጃምን ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር ታገኛላችሁ። በቪንተርጻይት 4 ቀንሱ። ከ12 ከበለጠ 12 ደግማችሁ ቀንሱ፤ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ጨምሩ። ለምሳሌ 14:00 ላይ ብትደውሉ በዞመርጻይት እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ በቪንተርጻይት ግን 10 ሰዓት። 20:00 ላይ ብትደውሉ በዞመርጻይት ከምሽቱ 3፣ በቪንተርጻይት 4 ይሆናል። እናቴን ከእንቅልፏ የቀሰቀስኳት ይህቺ አንድ ሰዓት ናት።

ዋሽንግተን ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ የምትቀይረው ከአውሮፓ ጋር በአንድ ቀን አይደለም። በማርች ሁለተኛው እሁድ ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በማርች ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፣ በመከር ደግሞ አንድ ሳምንት፣ በእናንተና በእነሱ መካከል የለመዳችሁት 6 ሰዓት 5 ይሆናል። ሦስት ቦታ ሆናችሁ የምትነጋገሩበት የቤተሰብ ስብሰባ ካላችሁ በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮውን በጎጃም ሰዓት ያዙት። የማይንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነው።

«ሊቀር ነው» የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። መነሻ አለው። የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አገሮቹ ግን የትኛውን ሰዓት ይዘን እንቅር በሚለው አልተስማሙም፣ ስለዚህ መቀያየሩ ቀጥሏል።

እኔ አሁን ከጥቅምቱ እሁድ ጀምሮ የምደውለው በ19:00 ነው። እናቴ ጋ ያው 3 ሰዓት ይሆናል። እራት ተበልቷል፣ ከብቱ ገብቷል፣ ስልኩን ወዲያው ታነሳዋለች።