የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ፦ የኮንዶሚኒየም ችግርና መፍትሄው

ጠዋት ቪዲዮው ሳይቆም ይሄዳል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን ቆም ቆም ይላል፤ የቴሌግራም ጥሪም ይቆራረጣል። ስልኩ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ግን ሙሉ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ብር ጨምሮ ከፍ ያለ ፓኬጅ ይገዛል። ከዚያ በፊት ችግሩ የመስመሩ ነው ወይስ የዋይፋዩ የሚለውን እንለይ።

ኢንተርኔቱ በሚያስቸግርበት ሰዓት ላፕቶፑን በዋይፋይ አገናኙና Command Prompt ላይ ይህን ጻፉ። የራውተራችሁ አድራሻ ሌላ ከሆነ ipconfig ስትሉ Default Gateway ከሚለው ጎን ታገኙታላችሁ።

```
ping -t 192.168.1.1
```

ይህ ፍተሻ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ድረስ ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ አይወጣም። ዋይፋዩ ጤነኛ ከሆነ መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመለሳል። 4 የነበረው ቁጥር ድንገት 180፣ 300 እያለ ከዘለለ፣ ወይም Request timed out ከመጣ፣ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ አየሩ ላይ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ተረጋግቶ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ ካለ፣ ራውተሩ የሚያስተላልፍበትን ቻናል መቀየር አይጠቅምም፤ ለአቅራቢው ደውሉ።

አየሩ የሚጣበበው ለምንድን ነው? በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1 እስከ 13 ቻናሎች አሉ። የአንዱ ከሌላው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ራውተር ግን 20 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ሥርዓት አለ። 3 ወይም 8 ላይ የገባ ራውተር ግን የጎረቤቶቹን መልእክት መለየት አይችልም። ለእሱ ጫጫታ ነው፤ እሱም ለእነሱ እንደዚያው። የተላከው ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል። «3 ላይ ማንም የለም» ብላችሁ እንዳትገቡበት አደራ።

አሁን ማን የት እንዳለ እንይ። አንድሮይድ ላይ WiFiAnalyzer የተባለው አፕ የእያንዳንዱን ኔትወርክ ቻናልና ጉልበት ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ይህ ትእዛዝ አለ፤ ካልሠራ Location ማብራት ያስፈልገው ይሆናል።

```
netsh wlan show networks mode=bssid
```

ጉልበቱ አፑ ላይ በዲቢኤም ይጻፋል። ከዜሮ በታች ስለሆነ -45 ብርቱ ነው፣ -88 ደካማ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት እንውሰድ። ቻናል 1 ላይ ሁለት ጎረቤቶች አሉ፣ -61 እና -66። ቻናል 6 ላይ ስድስት አሉ፣ ሁሉም ከ-84 እስከ -90። ቻናል 11 ላይ አንድ ብቻ፣ የግድግዳ ተጋሪው፣ -47። በቁጥር ካየነው 11 ያሸንፋል። እኔ ግን 6ን እመርጣለሁ። ራውተር ተራ የሚለቀው በግምት ከ-82 በላይ ለሚሰማው የዋይፋይ ምልክት ነው። ከዚያ የደከሙት ቀላል ጫጫታ ቢጨምሩም ብዙውን ጊዜ አያስቆሙትም። የግድግዳ ተጋሪው ግን ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት ግማሹን ተራ ይወስዳል። ልኬቱን ራውተሩ አጠገብም፣ የምትቀመጡበት ክፍል ውስጥም፣ በምሽት ውሰዱ። በረንዳ በኩል ያለው ክፍል ሌላ ነገር ሊሰማ ይችላል።

ለመቀየር የራውተሩን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉና ግቡ፤ የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። WLAN ወይም Wireless ውስጥ የ2.4 ክፍሉን ክፈቱ። Channel ከ Auto ወደ መረጣችሁት ቁጥር፣ በምሳሌው ቤት ወደ 6፣ Channel Width ደግሞ ወደ 20 MHz። 40 ላይ ከተዋችሁት ከሦስቱ ንጹህ ቦታዎች ሁለቱን ትነካላችሁ፤ ለእናንተም ለጎረቤትም አይበጅም። ሴቭ አድርጉና በማግስቱ በዚያው ሰዓት ping ድገሙ። ቁጥሩ አሁንም ከዘለለ 1ን ሞክሩ።

Auto ለምን አልበቃም? ብዙ ራውተሮች ቻናል የሚመርጡት ሲነሱ ነው፤ ከዚያ እዚያው ይቀራሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሕንፃው ራውተር ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። ገና ያልተነሳ ጎረቤት ደግሞ አይታይም።

ሦስቱም በብርቱ ምልክት ከተያዙ 2.4 ላይ አትድከሙ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ቲቪውንና ላፕቶፑን ወደዚያ አዛውሩ። 5 ግድግዳን በደንብ አያልፍም፣ ግን የጎረቤትም ምልክት እንዲሁ ይደክማል። በቻናል 36 ጀምሩ። ከ52 እስከ 144 ያሉትን ከመረጣችሁ፣ በብዙ አገር ደንብ መሠረት ራውተሩ ራዳር አለመኖሩን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያዳምጣል። የዋይፋዩ ስም ዘግይቶ ቢታይ ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት።