ቁርጥ ደመወዝ ወይስ ኮሚሽን? የሪል እስቴት ሽያጭ ሠራተኛ ሆናችሁ የሥራ ውል ስትፈርሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ሥራ ቀረበላችሁ እንበል። አንዱ በወር 22,000 ብር ቁርጥ ደመወዝ አለው። ሌላው 6,000 ብር መነሻ ደመወዝና ከእያንዳንዱ ሽያጭ 1 በመቶ ኮሚሽን ይሰጣል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሲመርጥ ያየሁት አንድ ስሌት ስለሚሳሳት ነው።

ስህተቱ ኮሚሽኑን በቤቱ ሙሉ ዋጋ ማሰብ ነው። የ8 ሚሊዮን ብር አፓርታማ 1 በመቶው 80,000 ብር ነው። በሁለት ወር አንድ ብሸጥ ከደመወዙ ጋር በወር 46,000 ብር አገኛለሁ ትላላችሁ። ግን ኮሚሽኑ የሚከፈለው ገዢው በከፈለው ልክ ሊሆን ይችላል። ገዢው 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም 1.6 ሚሊዮን ብር ከከፈለ፣ እጃችሁ የሚገባው 16,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው ግንባታው እየሄደ ሲሄድ ይመጣል። በስድስት ወር ሦስት ቤት ሸጣችሁ ቀጣዩ ክፍያ ገና ካልደረሰ፣ 48,000 ብር ኮሚሽንና 36,000 ብር ደመወዝ ታገኛላችሁ። በድምሩ 84,000 ብር፣ በወር 14,000 ማለት ነው። በቁርጥ ደመወዙ ግን 132,000 ብር ይሆን ነበር። ይህ ከግብር በፊት ነው። ደንበኛ ይዛችሁ ሳይት የምትመላለሱበት ታክሲና የስልክ ካርድም ከኪሳችሁ ከሆነ ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። የድሮዎቹ ገዢዎች ክፍያ በአዲሶቹ ላይ ይደረባል። ስለዚህ ኮሚሽኑ የሚያዋጣው የስድስት ወር ወጪ በእጁ ላለው ወይም ቤት ኪራይ ለማይከፍል ሰው ነው ባይ ነኝ።

ሌላው ስህተት ኮሚሽንን ከደመወዝ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽንን እንደ ደመወዝ አይቆጥረውም። የስንብት ክፍያ ቢመጣ የሚሰላው በደመወዙ ነው። የጡረታ መዋጮም እንዲሁ። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲያዋጡ በ22,000 ብር ላይ በወር 3,960 ብር ይገባላችኋል። በ6,000 ላይ ግን 1,080 ብር ብቻ ነው። ድርድር ከተከፈተ ከኮሚሽኑ መቶኛ ይልቅ መነሻ ደመወዙን ለማስጨመር ሞክሩ።

ብዙዎችን የሚያስለቅሰው ግን የመውጫውን ነገር ሳይጠይቁ መፈረም ነው። ሥራ ስትለቁ ከአንዱ ቤት 80,000 ብር ኮሚሽን ገና ያልተከፈለው 64,000 ብር የማን ነው? ገዢው ውሉን ቢያፈርስ የተቀበላችሁትን ትመልሳላችሁ? እናንተ ያመጣችሁት ደንበኛ በሌላ ሠራተኛ በኩል ቢፈርምስ? ኃላፊው «አታስቡ፣ እንከፍላለን» ቢል በቃል አይበቃም። «ሠራተኛው ሥራ ቢለቅም፣ በእሱ በኩል ከተፈረመ ውል የሚገባ ኮሚሽን ገዢው በከፈለ ቁጥር ይከፈለዋል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ይህን የምትጠይቁት ከፊርማው በፊት ነው።