ገና ሊደርስ ሲል እይታው «የወደቀበት» ሳምንት፦ የዩቲዩብ ቁጥር ወደ ሺት ስናወርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018፣ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል። እኔ ላፕቶፕ ከፍቻለሁ፣ እትዬ ማኪያቷቸውን ያማስላሉ። እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው። የወጥ አሠራር የሚያስተምሩበት የዩቲዩብ ቻናል አላቸው። የሳምንቱን እይታ የሚያሳይ ዳሽቦርድ በጉግል ሺት የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።

ግራፉ ላይ አራት ዘንጎች ቆመዋል፦ 8,400፣ 9,100፣ 4,650፣ 3,300።

«ልጄ፣ ሰው ጠላን እንዴ?» አሉኝ።

የዶሮ ወጡን ቪዲዮ ርዕስም ተምኔልም እንቀይር አሉ። እኔም «እስቲ እንቀይረው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ተለያየን። ሐሙስ ዕለት እንደገና አውርጄ ሳየው ያ ሳምንት የወሩ ትልቁ ሆኖ ተገኘ፦ 12,800። ቻናሉ ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የኔው ሺት ነው። እንዴት እንደተሳሳትኩ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የማይሆነውን ሠንጠረዥ ማውረድ

ሥራው ከኮምፒውተር ብሮውዘር ነው የሚሠራው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብታችሁ Analytics፣ ከዚያ Advanced mode ትከፍታላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ Content እንደተመረጠ ዝም ብሎ ያወርዳል። እንደዚያ ሲወርድ ዋናው ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ቪዲዮ በአንድ መስመር፣ የጠቅላላ ጊዜውን ድምር ይዞ ይመጣል። የየቀኑ ቁጥር ስለሌለው በሳምንት መከፋፈል አይቻልም። Date የሚለውን ምረጡና በላይኛው ቀኝ ባለው የማውረጃ ምልክት ወደ ጉግል ሺት ወይም ወደ CSV አውጡት።

ከሚወጡት ሦስት ሠንጠረዦች የምትፈልጉት Table data የሚለውን ነው። ከርዕሱ ቀጥሎ Total የሚል መስመር አለው። እሱን ሳታወጡ ዓምዱን በሙሉ ከደመራችሁ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በዚህች መስመር ምክንያት ለእትዬ እጥፍ እይታ ነግሬአቸው፣ ደስ ብሏቸው ቡና ጋብዘውኛል። እውነቱን ስነግራቸው ግን ቡናውን አላስመለሱኝም።

ሌላው፣ የየሳምንቱን ከቀድሞው ሥር እየቀጠሉ መለጠፍ ነው። ሁለት ቀን ከተደራረበ ሁለቴ ይደመራል። በዚያ ላይ ዩቲዩብ የቅርብ ቀናትን ቁጥር ኋላ ያስተካክላል። ስለዚህ የመነሻ ቀኑን ሳትቀይሩ በየሳምንቱ ሁሉንም እንደገና አውርዱና Data በተባለው ገጽ ላይ ከ A1 ጀምሮ በአሮጌው ላይ ለጥፉት። የሳምንት ድምር ቀመርና ግራፍ በሌላ ገጽ ይቀመጥ።

ሳምንትን በቁጥር መጥራት

የዚያ ሰኞ ጉድ ግማሹ እዚህ ነው። ሳምንቱን የለየሁት ከሰኞ እንዲጀምር አድርጌ WEEKNUM በሚለው ፈንክሽን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ችግሩ አይታይም። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ግን ይፈነዳል። ሰኞ ዲሴምበር 29፣ 2025 የጀመረው ሳምንት እሁድ ጃንዋሪ 4፣ 2026 ያልቃል። WEEKNUM ግን ጃንዋሪ 1 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ ያው አንድ ሳምንት ለሁለት ተቆረጠ፦ ሦስቱ ቀን «ሳምንት 53»፣ አራቱ ቀን «ሳምንት 1» ተባለ። 4,650 ማለት የሦስት ቀን እይታ ነበር። እኔ ከሰባት ቀን ጋር አወዳደርኩት።

ደግሞ ለእኛ ሰው ይህች ቦታ ክፉ ናት። የፈረንጆቹ ዓመት የሚቆረጠው ልክ የገና ገበያ ሲደራ፣ ሰው ዶሮ ወጥ መፈለግ ሲጀምር ነው።

መፍትሔው ሳምንቱን በሚጀምርበት ሰኞ ቀን መጥራት ነው። በዳሽቦርዱ ገጽ A2 ላይ የመጀመሪያውን ሰኞ ጻፉ። A3 ላይ `=A2+7` ብላችሁ ወደ ታች ጎትቱት። ከዚያ B2 ላይ፦

```
=SUMIFS(Data!B:B,Data!A:A,">="&A2,Data!A:A,"<"&A2+7)
```

ቀመሩ በ Data ገጽ A ዓምድ ቀን፣ B ዓምድ እይታ እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚሠራው። የናንተ ዓምዶች ቅደም ተከተል ከተለየ ፊደሉን ቀይሩ። አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ Total የሚለው መስመር ቀን ስላልሆነ በራሱ ጊዜ ይዘለላል። ሁሉም ሳምንት 0 ካላችሁ ግን ቀኖቹ እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ገብተዋል ማለት ነው። ባዶ ሴል ላይ `=ISNUMBER(Data!A3)` ብላችሁ ፈትሹ። FALSE ካለ፣ ዓምዱን መርጣችሁ Format ውስጥ Number፣ ከዚያ Date አድርጉት። አሁንም እምቢ ካለ በ DATEVALUE መለወጥ ነው።

ያላለቀ ሳምንት ላይ መፍረድ

ሌላው ግማሽ ደግሞ ይኸው። 3,300 የሚለው ዘንግ አራት ቀን መያዝ ሲገባው ሁለት ቀን ብቻ ነበር የያዘው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቁጥሩ ተጣርቶ ሪፖርቱ ላይ እስኪወጣ ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ሁለተኛውን ግን እኔም ቆይቼ ነው የገባኝ። የዩቲዩብ ሪፖርት ቀን የሚቆጥረው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ነው። በነሱ ክረምት የነሱ እኩለ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 5 ሰዓት ይሆናል። ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 4 ሰዓት ነው። እኛ ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ማኪያቶ ስንጠጣ፣ በዩቲዩብ ሪፖርት ገና እሁድ አላለቀም!

የሰዓቱን ልዩነት በቀመር ለማስተካከል አትድከሙ። የየቀኑ ድምር አንዴ ከወጣ በኋላ በሰዓት መልሶ መክፈል አይቻልም። ማወቁ ይበቃል። ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቪዲዮ ከለቀቃችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት እይታ ያለፈው ሳምንት ላይ ነው የሚመዘገበው።

እኔ ሁለት ነገር አደረግኩ። ማውረጃውን ቀን ወደ ሐሙስ አዛወርኩት። ከዚያ ያልበሰለ ሳምንት ግራፉ ላይ እንዳይወጣ ቀመሩን እንዲህ አሰርኩት፦

```
=IF(TODAY()<A2+10,"",SUMIFS(Data!B:B,Data!A:A,">="&A2,Data!A:A,"<"&A2+7))
```

ሰኞ ላይ አሥር ቀን ሲጨመር የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይሆናል። እስከዚያ ሴሉ ባዶ ነው። እትዬ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሳምንት የት ገባ?» ይሉ ነበር። አሁን ለምደውታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሐሙስ ደርሶ እናንተ አዲሱን ቁጥር ካልለጠፋችሁ፣ ቀመሩ ባለው ብቻ ይደምርና አሁንም ዝቅ ያለ ዘንግ ያሳያችኋል።

የፐርሰንት አማካይ ማውጣት

እይታና የታየበት ሰዓት ይደመራሉ። ፐርሰንት ግን አይደመርም፣ አማካዩም እንዲሁ አይወጣም። ተምኔሉን ካዩት ስንቱ እንደከፈተው የሚናገረው Impressions click-through rate (%) የሚባለው ዓምድ ላይ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው።

በሁለት ቀን ልሥራው። አንድ ቀን ተምኔሉ 10,000 ጊዜ ታይቶ 3 ፐርሰንቱ ተከፈተ፤ 300 ማለት ነው። ሌላ ቀን 500 ጊዜ ታይቶ 11 ፐርሰንቱ ተከፈተ፤ 55። የ3 እና የ11 አማካይ 7 ነው። ትክክለኛው ግን 355 ለ10,500 ሲካፈል፣ ማለትም 3.4 ገደማ ነው። 7 እና 3.4 አይገናኙም።

ስለዚህ Data ገጽ ላይ ከተለጠፈው በስተቀኝ አንድ ዓምድ ጨምሩ። ኢምፕሬሽኑን፣ ማለትም ተምኔሉ የታየበትን ብዛት፣ በፐርሰንቱ አባዙና ለ100 አካፍሉ። ከዚያ ይህንንም ኢምፕሬሽኑንም በሳምንት በ SUMIFS ደምሩ፣ መጨረሻ ላይ አካፍሉ። እይታን ለኢምፕሬሽን ማካፈል አቋራጭ ይመስላል፣ ግን አይሆንም። ከቴሌግራም ሊንክ የመጣ ሰው ተምኔሉን ዩቲዩብ ላይ ሳያይ ነው ቪዲዮው ውስጥ የገባው።

አማካይ የእይታ ርዝመትም እንዲሁ ነው። ጠቅላላ የታየበትን ሰዓት በ60 አባዝቶ ለእይታ ማካፈል፤ ደቂቃው ይወጣል።

ሾርትስን ከረጅሙ መቀላቀል

እዚህ ላይ አልቆይም። ሾርትስ የምትለቁ ከሆነ ከማውረዳችሁ በፊት በ Content type ለዩት። አንድ የተሳካ ሾርት የሳምንቱን ግራፍ ብቻውን ሰማይ ያደርሰዋል፣ የረጅሙ ቪዲዮ ነገር ከሥሩ አይታይም። በተጨማሪ ከማርች 31፣ 2025 ጀምሮ የሾርትስ እይታ አቆጣጠር ተቀይሯል፤ መጫወት የጀመረ ሁሉ፣ የተደገመውም ጭምር ይቆጠራል። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን የምታወዳድሩ ከሆነ Engaged views የሚለውን ዓምድ ተጠቀሙ።

በዓላችንን ለሺቱ አለመንገር

ሺቱ ጾም አያውቅም፣ ፋሲካም አያውቅም። ከቁጥሩ ጎን «ምን ነበር?» የምትል ዓምድ ጨምሬአለሁ። በእጅ ነው የምትሞላው፦ ጾም ገባ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ አዲስ ቪዲዮ፣ ኔት ጠፍቶ አልለቀቅንም።

ካለፈው ዓመት ጋር ስናወዳድር ደግሞ ፋሲካ ይንቀሳቀሳል። በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር፣ በ2018 ሚያዝያ 4። ያንኑ የፈረንጅ ሳምንት ከያንኑ ሳምንት ጋር ብናስቀምጥ የበዓል ገበያን ከጾም ሳምንት ጋር እያወዳደርን ነው። እኔ ፋሲካን ከፋሲካ ጋር አሰልፌ ወደኋላ አራት ሳምንት እቆጥራለሁ።

ከጥምቀት በኋላ እይታው በእውነት ወረደ። ሐሙስ የዳሽቦርዱን ስክሪንሾት በቴሌግራም ላክሁላቸው። እትዬ ዘንጉን አይተው ደወሉልኝ።

«ይሄም የሺቱ ስህተት ነው፣ ልጄ?»

«አይ እትዬ፣ ይሄኛው ትክክል ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ የጾሙን ሽሮ ዛሬውኑ እንቅረጸው፤ ዐቢይ ጾም መግባቱ ነው» አሉና ስልኩን ዘጉት።