ሥር የሰደደ ሕመም ወጪ ሲታቀድ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ስሌቱ እንዲጨበጥ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። እናት ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምና የደም ግፊት አለባቸው። ባለ 500 ሚሊ ግራም ሜትፎርሚን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ይውጣሉ። ለግፊቱ በቀን አንድ አምሎዲፒን አለ፤ ማታ ደግሞ 20 ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋሉ። ብቻቸውን መንገድ ስለማይችሉ የቀን ሥራ የምትሠራው ልጃቸው አብራቸው ትሄዳለች። እንዲህ ያለ ቤት በጀት ሲያወጣ በተደጋጋሚ የሚስትባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

በወር ብቻ ማሰብ

ፋርማሲ "የወር መድኃኒት" የሚለው ብዙ ጊዜ የ30 ቀን ነው። የእናት ሜትፎርሚን ለ30 ቀን 120 ክኒን ይሆናል። ያን 12 ጊዜ ቢገዙ 1440 ክኒን ያገኛሉ፤ ለዓመቱ የሚያስፈልጋቸው ግን 1460 ነው። የጎደሉት 20 ክኒኖች የአምስት ቀን መድኃኒት ናቸው። ባለ 28 ክኒን እሽግ ከሆነማ በቀን አንድ ለሚወስድ ሰው ዓመቱ 13 እሽግ ይፈጃል፤ አንድ ወር ላይ ሁለት ጊዜ መግዛት ይመጣል ማለት ነው። ያ ወር ሲደርስ "መድኃኒቱ ቶሎ አለቀ" ይባላል፤ ያለቀው ግን በጊዜው ነው።

ሌላው በወር ስሌት የማይታየው በዓመት አንዴ የሚመጣው ነው። የኩላሊትና የዓይን ምርመራ ለስኳር ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ይታዘዛል። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ስኳሩ እስኪስተካከል በየሦስት ወሩ፣ ከተረጋጋ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረጋል። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ በየወራቸው ጽፎ፣ ድምሩን ለ12 አካፍሎ በየወሩ ያንን ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። የስኳር መለኪያ ስትሪፕም እዚያው ይግባ። በቀን አንዴ የሚለካ ሰው በዓመት 365 ስትሪፕ፣ ማለትም ባለ 50 ከሆነ ስምንት ዕቃ ይፈልጋል። በሳምንት ስንት ጊዜ መለካት እንዳለበት ግን ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ክኒን ብቻ የሚወስድና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እኩል አይለኩም።

ኢንሱሊንን በዩኒት አካፍሎ መተው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሒሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። የተለመደው ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለው በድምሩ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው 50 ቀን ይቆይልኛል፣ በዓመት ስምንት ብልቃጥ ይበቃኛል ይላል።

ነገር ግን ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ብዙዎቹ ዓይነቶች የሚያገለግሉት 28 ቀን ነው። ከዚያ በላይ የሚቆዩ አሉ፤ ትክክለኛው ቀን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በ28 ቀን እናት የሚጠቀሙት 560 ዩኒት ነው። የቀረው 440 መጣል አለበት፤ ስለዚህ የዓመቱ ፍጆታ 13 ብልቃጥ ነው። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ የቆየውን መወጋቱን ይቀጥላል፣ ስኳሩ ሲወጣ ደግሞ ምግቡን ይጠረጥራል። ብልቃጡ በተከፈተ ቀን ላዩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ኢንሱሊኑ ተሞልቶበት የሚመጣው መወጊያ ፔንም በዚሁ መንገድ ይሰላል። ባለ 3 ሚሊ ሊትር ፔን 300 ዩኒት አለው። ከመወጋት በፊት ለመፈተሽ የሚፈሰው 2 ዩኒት ሲታከል በቀን 22 ይሄዳል፤ አንዱ ፔን ወደ 13 ቀን ተኩል፣ ዓመቱ 27 ፔን ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መጠን የአንድ ፔን ዋጋ ከብልቃጡ ዋጋ ከግማሽ በታች ከሆነ ፔኑ ሊረክስ ይችላል፤ የየራሳቸውን መርፌ ዋጋ ደምሮ ማየት ነው። በቀን 36 ዩኒት ለሚወጋ ሰው ግን ብልቃጡ በ28 ቀን ውስጥ ራሱ ስለሚያልቅ የሚጣል ነገር የለም።

መንገዱን በቀጠሮ ቁጥር መቁጠር

"በዓመት አራት ቀጠሮ ነው ያለን" ይባላል። እስኪ በእውነት እንቁጠረው። ከአራቱ ቀጠሮዎች በፊት ደም ለመስጠት በሌላ ቀን መሄድ አለ፤ ስምንት ሆነ። መድኃኒት በየወሩ ከተሰጠ፣ አራቱ ከቀጠሮ ጋር ቢገጣጠሙም ስምንት ተጨማሪ ጉዞ ይመጣል፤ 16። ዓይን ምርመራው ሲጨመር 17። እናትና ልጅ ሲሄዱና ሲመለሱ በእያንዳንዱ ጉዞ የአራት ሰው ክፍያ ነው፤ በዓመት 68 ጊዜ ትራንስፖርት ይከፈላል።

ይህን ለመቀነስ በቀጠሮ ላይ ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል። አንደኛ፣ የተረጋጋ ሕመምተኛ ከሆነ ማዘዣው ለሦስት ወር ይጻፍልን ወይ? ሁለተኛ፣ ደሙ ጠዋት ተወስዶ ውጤቱን ሐኪሙ በዚያው ቀን ያየዋል ወይ? የሦስት ወሩ አማካይ ምርመራ ባዶ ሆድ አይጠይቅም፤ በባዶ ሆድ የሚሠራ ሌላ ምርመራ ከታዘዘ ግን ማታ መድኃኒቱንና ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚወስዱ አብሮ መጠየቅ ያሻል። ሦስተኛ፣ የዓይን ምርመራው ከአንዱ ቀጠሮ ጋር በአንድ ቀን ይሁን። ሁሉም ከተሳካ 17ቱ ጉዞ ወደ አራት ይወርዳል። ሁሉም ባይሳካ እንኳ የሦስት ወሩ ማዘዣ ብቻውን ስምንቱን ያስቀራል። ከባዱ ነገር የሦስት ወሩን ገንዘብ አንድ ላይ ማግኘት ነው፤ ለዚህ ነው በየወሩ ማስቀመጡ ቀድሞ መጀመር ያለበት።

የአስታማሚዋን ቀን በነፃ ማየት

ልጅቱ በሄደች ቁጥር የዕለት ገቢዋ ይቀራል። "ግማሽ ቀን ነው" ይባላል፤ በቀን ሥራ ግን ረፋድ ላይ የመጣን የሚቀበል አሠሪ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ሙሉ ቀን ተብሎ ይያዝ። 17 ጉዞ ማለት 17 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የአንድ ጉዞ እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ አራቱ የትራንስፖርት ክፍያና የአንድ ቀን ገቢ ተደምረው ነው። ይህ ቁጥር ከታወቀ ሌላም ውሳኔ ይቀልላል። ሩቅ ያለው ርካሽ ፋርማሲ የሚያተርፈው ከዚህ ድምር ካነሰ፣ ቅርብ ያለው ውዱ ይሻላል።

የመጨረሻው ክኒን ድረስ መጠበቅ

ፋርማሲው "አልቋል፣ በሳምንቱ ኑ" የሚለው ሁሌም ባለቀባችሁ ቀን ይመስላል። የ14 ቀን መጠባበቂያ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ቀድሞ ይወሰድ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከበረዶ ማውጫው አጠገብ ግን አይሁን፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ይጣላል።

ሳይናገሩ መጠን መቀነስ

ገንዘብ ሲያጥር ሰው ክኒኑን ለሁለት ይሰብራል ወይም ቀን ይዘላል። ቀስ ብሎ የሚሟሟው የሜትፎርሚን ዓይነት ሲሰበር ወይም ሲፈጭ ቀስ ማለቱ ስለሚቀር መድኃኒቱ በአንዴ ይለቀቃል። የግፊት መድኃኒት ሲዘለል ደግሞ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ግፊቱ ግን ይወጣል፣ ሐኪሙም የታዘዘው እየተወሰደ ይመስለውና ሌላ መድኃኒት ይጨምራል፤ ወጪው ያኔ ባሰ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ማቋረጡ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላል። መድኃኒቱ ሳያልቅ ለሐኪሙ "ይህን መግዛት አልቻልንም" ማለት ይቻላል። የንግድ ስም ያለውን በመድኃኒቱ መጠሪያ ስም በሚሸጠው መተካት፣ ወይም በዝርዝሩ ላይ የማያስፈልግ ካለ ማስወጣት የእሱ ሥራ ነው። ስትሄዱ የሚወሰዱትን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት የተለያየ ስም ያለው አንድ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ቤት ውስጥ ሲገዛ የሚገኘው ያኔ ነው።