ከወሊድ ፈቃድ በፊት የመድኃኒት ስቶር ርክክብ፦ ችግርና መፍትሄ

ባቲ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ስቶር ላይ እሠራለሁ። ለመጀመሪያ ልጄ ፈቃድ ስወጣ ሥራውን ያስረከብኩት በግማሽ ቀን ነው፤ ለሁለተኛው አምስት ቀን ወሰድኩ። ልዩነቱን አራስ ቤት ሆኜ አየሁት።

ችግር፦ ስልኩ አያርፍም፤ ጥያቄው ሁሉ "ምን ላድርግ?" ነው

ምክንያቱ ሥራውን አስረክባችሁ ውሳኔውን ይዛችሁ መሄዳችሁ ነው። የመጀመሪያው ማስታወሻዬ ላይ "ኦአርኤስ እንዳያልቅ ተከታተል" ብዬ ነበር። ተረካቢዬ ትጉህ ነው፤ ግን ስንት ሲቀር ነው የሚያሰጋው? ሊያውቅ አይችልም። አንድ ሰኞ፣ ገበያተኛው ታማሚ ልጁን ይዞ በሚጎርፍበት ቀን፣ አለቀ።

መፍትሄው ቁጥር መጻፍ ነው። ለጤና ጣቢያ ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥቡ ደግሞ የሁለት ሳምንት ፍጆታ ነው። በወር 400 ፓኬት የምናወጣ ከሆነ ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ "ቢን ካርዱ ላይ ቀሪው 200 ሲደርስ ማንንም ሳትጠይቅ አስቸኳይ ጥያቄ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ ላክ።" ብዙ የሚወጡትን አሥር መድኃኒቶች እንዲህ ከጻፋችሁ ይበቃል፤ ሁሉንም መጻፍ ተረካቢውን ያደናግረዋል።

የስልኩንም ደንብ እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ። የክትባት ፍሪጁ ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካለው ክልል ከወጣ የሚደወለው ለክትባት ባለሙያው ነው፤ እኔ ከቤት ሆኜ የማደርገው ነገር የለም። የፊርማ ጉዳይ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። ለእኔ የሚደወለው የጠፋ ሰነድ ሲፈለግ ብቻ ነው፤ እሱም ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ጥያቄዎቹ ተጠራቅመው። እስከ አርባ ቀን ድረስ ግን ጭራሽ አይደወልም።

ችግር፦ ሪፖርትና መጠየቂያው በጊዜው አልሄደም

በየሁለት ወሩ ስለሚላክ በአራት ወር ፈቃድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ተረካቢው አንድም ቀን ሠርቶት ካላወቀ ማስረዳት ብቻ አይበቃም። ከመውጣታችሁ በፊት ያለውን ሪፖርት እሱ ይሙላው፣ እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ። የእኔው ሰው "በእጅ ያለ" የሚለው ላይ የማከፋፈያ ክፍሉን ቀሪ ሳይደምር ስቶር ያለውን ብቻ ሲጽፍ ያገኘሁት ያኔ ነው።

ችግር፦ ስትመለሱ ቆጠራው ጎደለ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም

በወረቀት ብቻ ከተረካከባችሁ ይህ አይቀርም። ሦስተኛ ሰው ባለበት በአካል ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ቢን ካርድ ላይ ቀሪውን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ጊዜው የሚያልፍባቸውን ከፊት ደርድሩ፣ ቁልፉንም በፊርማ ስጡ።

አደራ፣ ባዶ የዕቃ ወጪ ሞዴል 22 ላይ ፈርማችሁ "ለክፉ ቀን" ብላችሁ አትተዉ። የውክልና ደብዳቤ ከኃላፊው ይጻፍ፤ ግልባጩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ስትመለሱም ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ያንኑ ቆጠራ ድገሙት።