ሳሎኑ ለምን ያስተጋባል?

ደብረ ማርቆስ የተከራየሁት ሳሎን አምስት ሜትር በአራት ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ሶሌታ። በገባሁ በሁለተኛው ቀን እህቴ ደወለችና "ምነው፣ ሽንት ቤት ሆነህ ነው የምታወራኝ?" አለችኝ። ሶፋው ገና አልመጣም ነበር። አንድ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። በስልካችሁም ቅዱት። እያንዳንዱን ለውጥ ካደረጋችሁ በኋላ እዚያው ቦታ ቆማችሁ ደግማችሁ ቅዱና አወዳድሩ። ጆሮ ቶሎ ይለምዳል፣ ቅጂው ግን አይዋሽም።

ምልክት፦ ንግግር ይደበላለቃል፣ ቴሌቪዥኑን ሲጨምሩት ይብሳል

ሴራሚክና ልስን ከሚደርስባቸው ድምፅ የሚውጡት በጣም ጥቂቱን ነው። የቀረውን ይመልሱታል። ስለዚህ የፊተኛው ቃል ሳይጠፋ የኋለኛው ይደርስበታል። የገጠሩ የሣር ክዳን ቤት የማያስተጋባው ለዚህ ነው፤ ሣሩ ድምፁን ይበላዋል።

መፍትሄው ከወለሉ ይጀምራል። ወፍራም ምንጣፍ፣ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ። የላስቲክ ምንጣፍ ለዚህ ሥራ ከሴራሚኩ አይሻልም። አጎዛ ካላችሁ ፀጉሩ ረጅም ይሁን፤ የእኛ የዋሸራ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ብዙም አይረዳም። ሶፋ ከመጣ የጨርቁን ምረጡ። የሌዘር ከሆነም ጋቢ ጣል አድርጉበት።

ምልክት፦ ስታጨበጭቡ "ትርርር" የሚል ድምፅ ይከተላል

እኔን ያስቸገረኝ ይሄኛው ነው። ምንጣፉን ካነጠፍኩ በኋላም አልለቀቀኝም።

ምክንያቱ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ናቸው። ድምፁ በመካከላቸው እንደ ኳስ ይመላለሳል። በአራት ሜትር ክፍል ደርሶ መልሱ 8 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በአንድ ሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው። ጆሯችን ነጣጥሎ መስማት ስለማይችል "ትርርር" ይለዋል።

የትኞቹ ግድግዳዎች እንደሆኑ ለማወቅ ሰው ያስፈልጋችኋል። እኔ የአከራዬን ልጅ ለመንኩት። ቡልኮ ዘርግቶ አንዱ ግድግዳ ፊት ቆመ፣ እኔ አጨበጨብኩ። አጭሩ ግድግዳ ጋ ምንም ለውጥ የለም። ረጅሙ ጋ ሲሄድ ትርርታው ቀጥ አለ። ቦታው ተገኘ።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ቡልኮውን ግድግዳው ላይ ለጥፌ በሚስማር መታሁት። ያ ሁሉ ድካም፣ ለውጡ ትንሽ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጨርቅ ድምፅን የሚይዘው አየሩ በክሮቹ መሃል ሲወዛወዝ ነው። ግድግዳውን የተጠጋው አየር ደግሞ ብዙም አይንቀሳቀስም። ጨርቁ ወደ ክፍሉ ወጣ ማለት አለበት።

ሁለት ሞራሌ ደራርቤ መታሁና ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቄ ሰቀልኩት። እንደ መጋረጃ እንዲተጣጠፍም አደረግኩ፤ ሦስት ሜትር የሚሆነውን ጨርቅ ሜትር ተኩል ላይ ሰበሰብኩት። ከወለሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ያለውን ከፍታ ሸፍኗል። ተቀምጠንም ቆመንም ስናወራ አፍና ጆሯችን ያለው እዚያ ነው። ትርርታው ጠፋ።

ሁለቱንም ግድግዳ መሸፈን አያስፈልግም። አንደኛው ከተያዘ ኳሷ የምትመለስበት የለም። ፊት ለፊቱ እኩል ያልተደረደሩ መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ብታቆሙ ደግሞ ድምፁን ይበትነዋል። ቁም ሳጥን ግን በሩ ልሙጥና ሰፊ ስለሆነ ራሱ ሌላ ግድግዳ ነው። ከባዶው ግድግዳ ጋር አታፋጥጡት።

ምልክት፦ ትርርታው ቀርቶ ድምፁ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል

ስስ ጨርቅ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ አልፎት ይሄዳል። ለእሱ ውፍረት ያለው ነገር ያስፈልጋል። ሶፋውን ወደ ጥግ አስጠጉት፣ ወይም ትርፍ ፍራሽ ካለ ጥግ ላይ አቁሙት። መጋረጃ ላይ መጋረጃ መጨመር እዚህ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲያውም ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይታፈንና በርሜሉ ይብስበታል።

ይሄ ሁሉ የውጪ ጩኸት አይከለክልም። ጎረቤት ቴፕ ከከፈተ፣ ባጃጅ ደጃፍ ላይ ካንጎራጎረ፣ ቡልኮው አያድናችሁም።

ክረምት ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የማርቆስ ግድግዳ ሐምሌ ላይ ይረጥባል፣ የተጠጋውም ጨርቅ ይሻግታል። ያቺ የ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት እዚህም ትጠቅማለች። እኔ በሁለት ሳምንት አንዴ ፀሐይ ሳገኝ አውርጄ አሰጣዋለሁ፤ የዚያን ቀን እህቴ ከደወለች ታውቅብኛለች።