የተማሪ ቅናሽ ማረጋገጫው እምቢ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የተማሪ ቅናሽ ለማግኘት የኦንላይን ቅጹን ሞልተው እንደላኩ «ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል መልእክት ቢመጣ ተማሪ አይደሉም ተብለዋል ማለት አይደለም። ለአገልግሎት ሰጪው ተማሪነትዎን የሚያጣራው አረጋጋጭ ድርጅት የሞሉትን ስም፣ የትውልድ ቀንና የትምህርት ተቋም መጀመሪያ ካለው የመረጃ ቋት ጋር ያመሳክራል፤ ተቋምዎ በዚያ ቋት ውስጥ ከሌለ ወይም በቅጹ ላይ የጻፉት ስም በመዝገብ ካለው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፍለጋው ባዶ ይሆንና ሰነድ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሰነድ ከመፈለግዎ በፊት ስምዎን በተቋሙ መዝገብ ላይ እንደተጻፈው አስተካክለው እንደገና ይሙሉ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ሰነዱ ላይ ነው። ሰነዱን የሚመረምረው ሰው በአብዛኛው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ሙሉ ስም፣ የተቋሙ ስም፣ እንዲሁም አሁን በመማር ላይ መሆንዎን የሚያሳይ ቀን። በቅርቡ የረዳሁት አንድ ተማሪ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። መጀመሪያ የላከው መታወቂያ ፎቶውም ጽሑፉም ጥርት ያለ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚያበቃበት ቀን አልታተመበትም። ቀጥሎ የትምህርት መርሐ ግብሩን ከስልኩ ስክሪን ቀድቶ ላከ፤ ቀኑ ቢኖርም ስሙ ያለበትን የላይኛውን ጠርዝ ቆርጦት ነበር። በሦስተኛው ከሬጅስትራር የወሰደውን የዘንድሮ ሴሚስተር የምዝገባ ማረጋገጫ በፒዲኤፍ፣ ገጹን ሳይቆርጥ አስገባና አለፈ። የሙከራው ብዛት ብዙ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ያንኑ ሰነድ ደጋግሞ መላክ ዕድልን ማባከን ነው። ውጤትዎን ለማሳየት ካልፈለጉ ትራንስክሪፕቱን በቀለም ከመሸፈን ይልቅ ውጤት የሌለበትን ሰነድ ይምረጡ፤ የተነካካ ምስል ጥርጣሬ ያስነሳል።

ቅናሹ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ከሂሳብዎ ሙሉ ዋጋ ከተቆረጠ መንስኤው ሌላ ነው። ለምሳሌ የሙዚቃ አገልግሎቱ ስፖቲፋይ የተማሪ ዋጋውን በየ12 ወሩ እንዲያድሱ ይጠይቃል፤ በጠቅላላውም ከ4 ዓመት በላይ አይሰጥም። ዕድሳቱ ብቻ አልፎዎት ከሆነ በአዲስ ሰነድ እንደገና መረጋገጥ ይበቃል። አራቱ ዓመታት ካለቁ ግን፣ አምስተኛ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪም ቢሆኑ፣ የትኛውም ሰነድ አያስመልሰውም።

በዚህ ጊዜ አማራጩ እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። ለሙዚቃ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የሚጋሩት የቤተሰብ ጥቅል ለየብቻ ከመክፈል ይረክሳል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬኦፊስ ያለ ምንም ማረጋገጫ በነፃ ይገኛል። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ የኮድ መጻፊያ ሶፍትዌር የሚሠራው የጄትብሬይንስ ነፃ የተማሪ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ ተመርቀው ሲወጡም ኩባንያው የተመራቂ ቅናሽ አለው። ከሁሉ በፊት ግን የተቋምዎን የአይቲ ክፍል ይጠይቁ፤ የሚፈልጉት ሶፍትዌር ለሁሉም ተማሪ አስቀድሞ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል።